20 በመቶ ሮቡስታ ያለበት የኤስፕሬሶ ድብልቅ፦ ልቀይር ወይስ ይቅርብኝ?

ባለማሽኗ
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ቡና ቤት አለችኝ። እስካሁን የምሠራው በአረቢካ ብቻ ነው፣ አቆላሉ መካከለኛ። ከምሸጠው ውስጥ አብዛኛው ወተት ያለበት ነው፤ ማኪያቶ፣ ካፑቺኖ፣ ላቴ። ወተት የሌለበት የሚጠጡት ጥቂት ናቸው፣ ግን ቋሚ ደንበኞቼ ናቸው።

ቡናውን የሚቆላልኝ ሰው ሰሞኑን አንድ ሐሳብ አቀረበልኝ። 20 በመቶ ሮቡስታ እናስገባበት፣ ክሬማው ይወፍራል፣ ወተት ውስጥም አይጠፋም፣ ዋጋውም ይቀንስልሻል አለኝ። ሦስቱም ጥሩ ነገር ይመስላል። እኔ ማወቅ የምፈልገው ጣዕሙ በእውነት ምን እንደሚሆን፣ ካፌይኑ ምን ያህል እንደሚጨምርና ቁጠባው የሚያወላዳ መሆኑን ነው። የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

አረቢካ ብቻ
እኔን ብትጠይቂኝ አትንኪው። ሮቡስታ ጎማ ጎማ ይላል፣ እርጥብ ጆንያም ይሸታል። ርካሽ የሆነው በምክንያት ነው። ደንበኛ አንዴ አፉ ላይ ከመረረው አይመለስም። ክሬማ ደግሞ ለዓይን ነው እንጂ ለምላስ አይደለም።

ጥቁሩ ስኒ
ኧረ በጣም አጋነንከው። እኔ ጠቆር ብሎ የተቆላ ድብልቅ ነው የምጠጣው፣ ደስ ነው የሚለኝ። ባለማሽኗ፣ ስለ ካፌይኑ አታስቢ። ጠቆር አድርጎ ሲቆላው ካፌይኑ ይቃጠላል። ሮቡስታ ሁለት እጥፍ ካፌይን ስላለው ነው የሚመረው፣ ጠቆር ሲል ግን ይቀንሳል። ክሬማው ሲወፍር ደግሞ ቡናው ጥሩ መሆኑን ታውቂያለሽ።

ቡና ቆይው
ሥራዬ መቁላት ነው፤ ሁለቱንም እቆላለሁ። ከላይ ከተባለው ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ግን ሊያሳስትሽ ይችላል። ስለዚህ ቀስ ብዬ ልመልስ።

ከካፌይኑ እንጀምር። ጥሬ አረቢካ ከክብደቱ 1.2 በመቶ ገደማ ካፌይን አለው። ሮቡስታ 2.2 በመቶ ገደማ ነው፣ አንዳንዱም ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ "ሁለት እጥፍ" የሚባለው ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። ግን ካፌይን በቁላት አይቃጠልም። እሳቱን ይችላል። ፍሬው ሲቆላ ውኃውንና ሌላውን ነገር እየጣለ ይቀልላል፣ ካፌይኑ ግን ከሞላ ጎደል እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በግራም ስትመዝኚው ጠቆር ያለ ቡና በትንሹም ቢሆን የበለጠ ካፌይን ሊኖረው ይችላል እንጂ አያንስም።

ምሬቱም ቢሆን የካፌይን ብቻ አይደለም። ካፌይኑ የወጣለት ሮቡስታ ቅመሱ፣ አሁንም ይመራል። ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ክሎሮጀኒክ አሲዶች ሲቆሉ ተሰባብረው የሚሰጧቸው ነገሮች ናቸው። ሮቡስታ እነዚህ አሲዶች በብዛት አሉት። ስኳሩ ደግሞ ያንሳል፣ ዘይቱም ያንሳል። አረቢካ ከክብደቱ 15 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ዘይት ሲይዝ፣ ሮቡስታ 10 በመቶ አካባቢ ነው። መዓዛውን ተሸክሞ አፍ ላይ የሚያቆየው ያ ዘይት ነው። የአረቢካ ጣፋጭነት፣ ለስላሳ ኮምጣጣነቱና የአበባና የፍራፍሬ ቃናው ከዚህ ከስኳሩና ከዘይቱ ጋር የተያያዘ ነው። ሮቡስታ የሚሰጥሽ ሌላ ነገር ነው፤ ክብደት፣ የተጠበሰ እህል ቃና፣ መራራ ቸኮሌት የሚመስል ነገር፣ አፍ ላይ የሚቆይ ምሬት።

ስለ ክሬማም አንድ ነገር ልበል። በሮቡስታ ይወፍራል፣ ይቆያልም። አንዱ ምክንያት ዘይቱ ማነሱ ነው፤ ዘይት አረፋ ያፈርሳል። ስለዚህ ወፍራም ክሬማ ሮቡስታ እንዳለበት ወይም ቡናው ትኩስ ቁላት እንደሆነ ሊነግርሽ ይችላል። ጥሩ ቡና መሆኑን ግን አይነግርሽም። ክሬማውን ለብቻው በማንኪያ አንስተሽ ቅመሺው። ከዚያ ሥሩ ያለውን ቅመሺ። ልዩነቱን ራስሽ ታገኚዋለሽ፣ ምሬቱ ያለው ላይኛው ላይ ነው።

ባለማሽኗ
በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ስኒ ላይ ስንት ይሆናል ካፌይኑ? 18 ግራም ነው የማስገባው።

ቡና ቆይው
18 ግራም አረቢካ ብቻ ከሆነ ዱቄቱ ውስጥ 216 ሚሊ ግራም ገደማ አለ። 20 በመቶ ሮቡስታ ስታደርጊው 14.4 ግራሙ አረቢካ ይሆናል፣ 3.6 ግራሙ ሮቡስታ። ከአረቢካው 173፣ ከሮቡስታው 79 ይመጣል። ድምሩ 252 ነው። ጭማሪው 17 በመቶ ያህል መሆኑ ነው። 30 በመቶ ብታደርጊው 270 ይደርሳል፣ ሩብ ያህል ጨመረ ማለት ነው። ሁሉም ስኒው ውስጥ አይወርድም፣ ዱቄቱ ላይ የሚቀር አለ። አንጻራዊው ልዩነት ግን ያው ነው።

ስለዚህ 20 በመቶ ሮቡስታ ቡናሽን "ሁለት እጥፍ ኃይለኛ" አያደርገውም። አንድ ስኒ ለሚጠጣ ሰው ብዙም አይታወቅም። በቀን አራት የሚጠጣ ሰው ግን ሳያውቀው ከግማሽ ስኒ በላይ ጨመረ ማለት ነው።

የሌሊት ፈረቃ
ይቺ የመጨረሻዋ ነገር እኔን ትመለከተኛለች። ሆስፒታል ውስጥ ማታ ማታ ነው የምሠራው። ቡና የምገዛበት ቦታ ቡናውን ቀየሩት፣ እኔ ግን አላወቅሁም። የለመድኩትን ያህል ነበር የምጠጣው። ልቤ መምታት ጀመረ፣ ጠዋት ቤት ገብቼም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ድካም ነው እያልኩ ቆየሁ። በኋላ አስተናጋጇን ስጠይቃት ነው ድብልቅ መሆኑን የነገረችኝ፤ ያውም ግማሽ በግማሽ።

ጤናማ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ቢወስድ ችግር የለውም ይባላል። እርጉዝ ግን ከ200 እንዳታልፍ ይመከራል። እርጉዞች፣ የደም ግፊት ያለባቸውና እንደ እኔ እንቅልፍ የሚቸግራቸው ሰዎች ስኒ እየቆጠሩ ነው የሚጠጡት። ስለዚህ እህቴ፣ ብትቀይሪ እባክሽ ለደንበኞችሽ ንገሪያቸው። ግድግዳ ላይ አንድ መስመር ይበቃል።

ማለዳ
ጥሩ ውይይት ነው። እኔ ቤት ውስጥ በወረቀት ማጣሪያ ነው የማፈላው። ታዲያ 20 በመቶ ሮቡስታ ልጨምርበት ማለት ነው? ክሬማ ደስ ይለኛል።

ቡና ቆይው
@ማለዳ፣ አይ፣ ያንቺ ጉዳይ ሌላ ነው። በማጣሪያ ክሬማ አይገኝም፣ ግፊት ይፈልጋል። ከረዘመና ከቀጠነ ውኃ ጋር ሮቡስታው የሚሰጥሽ የእህል ቃናውንና ምሬቱን ነው። የሚሸፍነው ወተት ወይም ወፍራም አካል ከሌለ ራቁቱን ይወጣል። በማጣሪያ ጥሩ አረቢካ ብቻውን ይሻልሻል። ጠንከር እንዲልልሽ ከፈለግሽ የቡናውን መጠን ጨምሪ።

ጥሬ ገበያ
ስለ ዋጋው ማንም አላነሳም፣ እኔ ልግባ። ጥሬ ቡና እየገዛሁ ለቆይዎች አቀርባለሁ።

ሮቡስታ የሚረክሰው መጥፎ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዝቅ ባለና ሞቅ ባለ መሬት ይበቅላል፣ ከአንድ ዛፍ ብዙ ይሰጣል፣ የቅጠል ዝገትንም ከአረቢካ በተሻለ ይቋቋማል። አረቢካ ከፍታና ቀዝቀዝ ያለ አየር ይፈልጋል፣ በሽታ ቶሎ ይይዘዋል፣ አያያዙም ጉልበት ይጠይቃል። የወጪው ልዩነት ከማሳው ይጀምራል። ከዓለም አገሮች ሁሉ የበለጠ ሮቡስታ የምታመርተው ቬትናም ናት፤ ብራዚልም ኮኒሎን የሚሉት ብዙ ሮቡስታ አላት።

ግን ልዩነቱ ቋሚ አይደለም። አረቢካ የሚዋዋለው በኒው ዮርክ ነው፣ በፓውንድ በሳንቲም። ሮቡስታ በለንደን ነው፣ በቶን በዶላር። ሰው ሁለቱን ቁጥር እያየ ግራ ይጋባል። አንድ ቶን 2,204 ፓውንድ ከምናምን ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ሮቡስታ በቶን ከ5,000 ዶላር አለፈ። ስታካፍሉት በፓውንድ ከ2 ዶላር ከ25 ሳንቲም በላይ ነው። አረቢካም በዚያን ጊዜ ከዚያ ብዙም አልራቀም ነበር። ዋጋ ለመቀነስ ብለው ሮቡስታ የጨመሩ ሰዎች ያን ወቅት የጠበቁትን ያህል አላተረፉም። በየካቲት 2025 ደግሞ አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ልዩነቱ እንደገና ሰፋ። ስለዚህ ቆይሽ "ዋጋው ይቀንስልሻል" ሲልሽ "በዛሬው ዋጋ ስንት?" ብለሽ ጠይቂው።

ባለማሽኗ
ይሄንን አላሰብኩትም ነበር። እሺ፣ ልዩነቱ ሰፊ በሆነበት ጊዜ እንበልና፣ በስኒ ስንት አተርፋለሁ?

ቡና ቆይው
በገንዘብ ስም ሳይሆን በቁጥር ላሳይሽ፣ የራስሽን ዋጋ ታስገቢበታለሽ። ጥሬ አረቢካ በኪሎ 100 ይሁን፣ ሮቡስታ 65። ሰማንያ በሃያ ሲደባለቅ 80 ሲደመር 13፣ 93 ይመጣል። 7 በመቶ ቆጠብሽ።

አሁን ይቆላ። ሲቆላ ከክብደቱ 15 በመቶ ያህል ይጠፋል። ስለዚህ የአንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ጥሬው ለአረቢካው 118 ገደማ፣ ለድብልቁ 109 ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ ጉልበት፣ ጋዝ፣ ማሸጊያ፣ የቆይው ትርፍ አለ፤ 60 እንበለው። ይሄ ለሁለቱም እኩል ነው። 178 ከ169 ጋር መጣልሽ። ቁጠባው ወደ 5 በመቶ ወረደ።

ከአንድ ኪሎ 55 ስኒ ያህል ይወጣል። ስለዚህ አንዱ ስኒ 3.2 የነበረው 3.1 ላይ አረፈ። ከዚያ በላይ ወተት አለ፣ ኪራይ አለ፣ ደመወዝ አለ፣ ስኳር አለ። ለደንበኛ በምትሸጪበት ዋጋ ውስጥ ያ ልዩነት አይታይም።

በሌላ በኩል ልይልሽ። ቁጠባሽ 5 በመቶ ከሆነ ከሃያ ስኒ አንድ ስኒ ማለት ነው። አዲሱ ድብልቅ መፍጫውን አስቸግሮ ሠራተኛሽ ከሃያው አንዱን ተጨማሪ ከደፋው፣ ቁጠባው አለቀ። ብዙ ኩንታል ለሚቆላ ድርጅት 7 በመቶ ትልቅ ገንዘብ ነው። ለአንድ ማሽን ግን በ20 በመቶ ሮቡስታ ዋጋ ምክንያት ሊሆን አይገባም። ምክንያቱ ጣዕም መሆን አለበት። ጣዕሙ ከጠቀመሽ አድርጊው፣ ካልጠቀመሽ ተይው።

ጥሬ ገበያ
ትክክል። አንድ ነገር ግን ልጨምር። 65 የሚለው ተራ ሮቡስታ ነው። በደንብ የተለቀመ፣ የታጠበ፣ ቀማሽ ያለፈበት ጥሩ ሮቡስታ ዋጋው ለተራ አረቢካ ይጠጋል። ከህንድና ከኡጋንዳ እንዲህ ያለ ይመጣል። ለሱ ስትከፍሉ ቁጠባው ጭራሽ የለም።

አረቢካ ብቻ
ታዲያ እኔ ምን አልኩ? ቁጠባ ከሌለ ለምን ይገባል?

ቡና ቆይው
ለወተቱ ነው። መካከለኛ የተቆላ፣ አበባ አበባ የሚል አረቢካ 36 ግራም ኤስፕሬሶ ሆኖ 200 ሚሊ ሊትር ወተት ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ይሰወራል። ኮምጣጣው ከወተቱ ጋር ይጣላል፣ ቃናው ደግሞ ይጠፋል። የሚቀረው ሞቅ ያለ ጣፋጭ ወተት ነው። እዚያ ላይ ከ15 እስከ 25 በመቶ ጥሩ ሮቡስታ ምሬትና አካል ይሰጣል፣ ቡናው ወተቱን አልፎ ይሰማል። መደባለቅ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ነው።

ትርጉም የማይኖረውም ቦታ አለ። ጥሩና ውድ አረቢካ ይዘሽ፣ ቃናውን ልታሳዪ እየፈለግሽ፣ ወተት ለሌለበት ስኒ ሮቡስታ መጨመር ገንዘብ መድፋት ነው። ወተት ውስጥ ያለው ችግር ደግሞ ሁልጊዜ በሮቡስታ ብቻ አይፈታም። አረቢካውን ትንሽ ጠቆር አድርጎ መቁላት፣ ወይም ከባድና ቸኮሌት የሚመስል አረቢካ መምረጥ ብዙውን ጊዜ ያንኑ ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ ያንን ሞክሪ እላለሁ።

ጥቁሩ ስኒ
ካፌይኑን ተቀብያለሁ፣ ጥሩ አድርገህ አስረዳኸኝ። ግን እኔ ጣዕሙን የምወደው ወተት ሳይኖረው ነው። በስኳር፣ አጭርና ወፍራም። እሱንስ ስህተት ነው ልትለኝ ነው?

ቡና ቆይው
በፍጹም። ጣሊያን ውስጥ፣ በተለይ በደቡቡ፣ እንዲህ የሚጠጡ ብዙ ሰዎች ናቸው። ሮቡስታ ያለበት፣ ጠቆር ያለ፣ አጭር ኤስፕሬሶ በስኳር። ስኳሩ ምሬቱን ይይዘዋል። ያ ራሱን የቻለ ጣዕም ነው። የእሷ ቋሚ ደንበኞች ግን የለመዱት ሌላ ነው፣ እኔ ያልኩት ለዚያ ነው።

ባለማሽኗ
እሺ፣ ልሞክረው ወስኛለሁ፣ ለወተቱ ብቻ። እንዴት ብሞክረው እንዳልታለል እችላለሁ? ቆዪው ራሱ ደባልቆ ሊያመጣልኝ ነው።

ቡና ቆይው
ደባልቆ አያምጣልሽ። ለየብቻ ይቁላቸው፣ ለየብቻ ያምጣቸው። ሁለቱ እሳቱን እኩል አይቀበሉም። አንድ ላይ ከተቆሉ አንዱ ሲበስል ሌላው ወይ ይጎድላል ወይ ያልፋል። ሮቡስታ ሲፈነዳ ድምፁም ደከም ይላል፣ ጆሮ ብቻ ያመነ ቆይ ይሳሳታል።

ሲያመጣልሽ ትሪ ላይ አፍስሺና ተመልከቺ። የአረቢካው ፍሬ ሞላላ ነው፣ መሃሉ ላይ ያለው ስንጥቅ ጠመም ብሎ ይሄዳል። ሮቡስታው ከበብ ያለና ትንሽ ነው፣ ስንጥቁም ቀጥ ያለ ነው። "አረቢካ ብቻ" ተብሎ የመጣልሽ ቡና ውስጥ ከበብ ከበብ ያሉት ከበዙብሽ ጠይቂ። ግን ከበብ ያለ አረቢካም አለ፣ በአንድ ፍሬ አትፍረጂ።

ከዚያ በሚዛን አራት ዓይነት አዘጋጂ፦ ምንም ሮቡስታ የሌለው፣ 10፣ 20 እና 30 በመቶ። ለእያንዳንዱ መፍጫውን እንደገና አስተካክዪ። ይሄን ብዙ ሰው ይዘላል፣ ከዚያም የመፍጫውን ጥፋት በሮቡስታው ላይ ያላክካል። ዒላማሽ ለሁሉም አንድ ይሁን፦ 18 ግራም ገብቶ 36 ግራም ይውጣ፣ በ28 ሰከንድ አካባቢ። ምሬቱ ከበዛ ለድብልቁ የውኃውን ሙቀት በ2 ዲግሪ ዝቅ አድርጊው። ከ93 ወደ 91 ማለት ነው።

ሲቀመስ ደግሞ ለሰው "ይሄ ሮቡስታ አለበት" እያልሽ አትስጪ። ስሙ ብቻ ምላስን ያበላሻል። ሦስት ስኒ ካፑቺኖ ሥሪ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ። የተለየውን ይለዩ። ሊለዩት ካልቻሉ ለሱ ብለሽ አትቸገሪ። ከለዩት ደግሞ የትኛውን እንደሚወዱ ጠይቂ። ስኒው በረድ ሲልም ይቅመሱ። የመጥፎ ሮቡስታ ጎማ ጎማ ማለት ትኩስ ሆኖ ሊደበቅ ይችላል፣ ሲቀዘቅዝ ግን ይወጣል።

አረቢካ ብቻ
10 በመቶውን ማንም አይለየውም፣ ጊዜሽን አታባክኚ።

ቡና ቆይው
እኔ በዚህ አልስማማም። በጥሩ ሮቡስታ 10 በመቶ ክሬማው ላይ ይታያል፣ ጣዕሙም ላይ የሚለይ ሰው አይቻለሁ። በወተት ግን አንተ ልክ ልትሆን ትችላለህ። እሷ ሞክራ ትንገረን።

የሌሊት ፈረቃ
እኔ የጠየቅኩት ሳይመለስ ቀረ። ለደንበኞች ይነገራል አይደል?

ጥሬ ገበያ
እርስዎ ያሉት ልክ ነው፣ መነገር አለበት። ብዙ ቦታ ግን "100 በመቶ ቡና" ተብሎ ብቻ ነው የሚጻፈው። ያ ውሸት አይደለም፣ ሮቡስታም ቡና ነው። ግን እኔ እንደማየው አረቢካ ብቻ የያዘ ሰው "አረቢካ" ብሎ ሳይጽፍ አይቀርም። ካልጻፈ መጠየቅ ነው። በአገልግሎት ላይ ግን መቶኛው ድረስ ይነገር ወይ የሚለው አከራካሪ ነው። ድብልቅ የሚሠራ ሰው ልኩን ምስጢሩ አድርጎ ይይዛል።

የሌሊት ፈረቃ
ልኩን አልጠየቅኩም። አለ ወይስ የለም፣ እሱን ብቻ።

ባለማሽኗ
ይነገራል፣ ቃሌ ነው። ሁለት መፍጫ አለኝ። ወተት ለሌለው አረቢካውን እንዳለ እተወዋለሁ፣ ድብልቁን በሁለተኛው መፍጫ ለወተት ብቻ አደርገዋለሁ። ሁለቱም ላይ ምን እንዳለ ይጻፍበታል። ለቆዪው ደግሞ ለየብቻ እንዲያመጣልኝ ነገርኩት። ትንሽ ቅር አለው፣ ግን እሺ ብሏል። ቡናው የሚመጣው ሐሙስ ነው። መጀመሪያ ግን አረቢካውን ጠቆር አድርጎ እንዲቆላልኝ ትንሽ ጠይቄያለሁ፣ እሱንም ከድብልቁ ጎን አስቀምሳለሁ።

ቡና ቆይው
ጥሩ አድርገሻል። አንድ ነገር ብቻ፤ ከተቆላ ቢያንስ ከአራት ከአምስት ቀን በኋላ ቅመሱት። ትኩስ ቁላት ጋዙ ስለሚበዛ ክሬማው ሁሉም ላይ ወፍራም ይሆናል፣ ከሮቡስታው ይሁን ከጋዙ አትለዪም።

ጥቁሩ ስኒ
30 በመቶው ካሸነፈ አሳውቂን።